ለተኛ ሰው የለካሁት መስቀያ

እኔ ልክ አልስትም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስንት ሙሽራ ወገቧ በኔ ሜትር አልፏል። ደንበኛ ገና በር ላይ ስትቆም አይቼ «ካምናው ሁለት ጣት ጨምረሻል» ብዬ ያስኮረፍኳት ብዙ ናት። ሜትሬን አንገቴ ላይ ሳላንጠለጥል ከቤት ከወጣሁ ነጠላዬን የረሳሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። ታዲያ እንዲህ የምመጻደቀዋን እኔን አንድ የቴሌቪዥን መስቀያ ሁለት ጊዜ አዋረደኝ። አንዴ በቀዳዳው፣ አንዴ በከፍታው። የመጀመሪያው ያስቀኛል። ሁለተኛውን ሳስበው ግን ዛሬም ሆድ ይብሰኛል።

ነገሩ ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በየቡና ቤቱ ብቅ ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ። አባቴ ከቡሬ ወዲያ ባለው አገራችን ሲያርሱ ውለው በደኅና የተኙ ሰውዬ፣ ማለዳ ሲነሱ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ጎረቤቶች ቃሬዛ ላይ አድርገው እስከ መንገዱ አወረዷቸው። ሆስፒታል ከረምን። ከዚያ እኔ ቤት መጡ፤ መኝታ ቤቴን ለቀቅሁላቸው። እናቴም ተከትላ መጣች። አልጋው አጠገብ አጭር ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች፤ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፤ አፋቸውን ትጠርጋለች፤ ደግሞ ታጎርሳቸዋለች።

እየመጣ የሚያያቸው የጤና ጣቢያ ነርስ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነበር የሚነግረን። «ጠፍጣፋ ተኝተው አይዋሉ። በተለይ ሲበሉ ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ተኝተው የሚውጡት ወደ ሳንባ ይሄዳል። እንዲህ ከቀጠሉ የሚገላቸው ሽባነቱ ሳይሆን ሳንባቸው ነው።» ይህን ሲል ዓይኔን እያየ ነው። እኔም ትራስ ደርድሬ፣ እናቴም በብብታቸው ይዛ ቀና እናደርጋቸዋለን። እሳቸው ደግሞ በደኅናው እግራቸው አልጋውን እየገፉ ተንሸራትተው ይወርዳሉ። «ተዉኝ» ይላሉ። ከአፋቸው አጥርቶ የሚወጣው ያ ቃል ብቻ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። ሲጎርሱ ትን ይላቸዋል። 

ምን ልበላችሁ፣ ተናደድኩ። በሽታቸው ላይ አይደለም፤ በእሳቸው ላይ። ያን ሁሉ ዘመን ጥጃ ሲታመም ሌሊት ተነስተው የሚያቃኑ ሰውዬ ራሳቸውን አላቃና ማለታቸው ነገር ፍለጋ መሰለኝ። አንድ ቀን እንደውም «እሽ፣ እንግዲህ እንደፈቀዱ!» ብዬ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ወጥቼ ደግሞ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ቴሌቪዥኑን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ገበሬ ነው፤ የአባታችንን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሠላሳ ሁለት ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንደ ታቦት በሁለት እጁ አቅፎ ገባ።

«እታለም፣ ግድግዳ ከሚያዩ ይህን ይዩ» አለኝ። «በሬ ሲያርስ የሚያሳይ ነገር አለበት፤ ቡሬ አይቻለሁ። እሱን ለማየት ሲሉ ቀና ይላሉ።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የምናስቀምጥበት ግን የለም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በአልጋው ግርጌና በግድግዳው መካከል ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ጠረጴዛ ብናስገባ እናቴ መውጫ ታጣለች። ግድግዳው ላይ መስቀል ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። እኛ ከተማ ደግሞ ያኔ መስቀያ የያዘ ሱቅ ብፈልግ አጣሁ። ወንድሜ በቡሬ በኩል ነው የሚመለሰው፣ እዚያ ይግዛ ተባባልን።

«ምን ዓይነት ልበል?» አለኝ።

የቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ አራት ማዕዘን ሠርተው። መስቀያው እነዚያ ላይ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ ልኩ የእነሱ ርቀት ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ላይ በፊቱ አስተኛሁት፤ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ፤ አግድሙን ለካሁ፣ ቁመቱን ለካሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ላይ ጽፌ ቅጠሉን ቀድጄ ሰጠሁት። አጣጥፎ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

በሳምንቱ መስቀያውን ይዞ መጣ። ያ ብረት ሲታይ የበር መዝጊያ ነው የሚያክለው! ቴሌቪዥኑን አስተኝተን ብናስጠጋው አንዱም ቀዳዳ ከአንዱ አይገጥምም። የብረቱ ቀዳዳዎች፣ በጣም የተቀራረቡት እንኳ፣ ከቴሌቪዥኑ ቀዳዳ ወዲያ አልፈው ሄደዋል። ብናዞረው ያው ነው። ብንገለብጠው ያው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? ልክ ጽፌ ሰጥቼህ ይህን ተሸክመህ ትመጣለህ?» ብዬ ጮህኩበት። እናቴ ከውስጥ «ኧረ በጊዮርጊስ፣ ቀስ በሉ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል» አለች። ወንድሜ ኪሱ ገባና ቅጠሏን አውጥቶ ዘረጋልኝ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት።

ሜትሬን አንስቼ እንደገና ለካሁ። ሃያ በሃያ።

 ወዲያው ነው የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ስለካ ለስፌት የሚተርፈውን ሁለት ሴንቲ ጨምሬ ነው የምጽፈው። አስቤው አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው የሚጨምረው። እጅጌ ብለካ እጨምራለሁ፣ ጉርድ ብለካ እጨምራለሁ። ለብረትም ጨመርኩለት! ብረት የሚሰፋ ይመስል!

እና እውነቱን ተናገርኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ባለሱቋ ናት ያጭበረበረችህ። ራሴ ሄጄ አሳያታለሁ» አልኩት። ቅጠሏን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኳት። ወንድሜ አየኝና ኮቱን አንስቶ ወጣ። 

በማግስቱ ግን ሥራዬን እንደ ሠራተኛ ሠራሁ። አንድ ሰፊ የልብስ መቁረጫ ወረቀት ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ አነጠፍኩ፤ በአራቱ ቀዳዳዎች ላይ በእርሳስ ወጋ ወጋ አደረግሁት፤ የጎበጠውንና የገመድ መሰኪያው ያለበትን ቦታ በልብስ ጠመኔ አሰመርኩ። ቀሚስ ከወረቀት እንደሚቆረጠው ማለት ነው። ምንም የሚጨመር የለም፤ ቀዳዳው ራሱ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ጎረቤቴ የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ቴሌቪዥኑን አስቀመጥኩት። መቆሚያ እግሩን ፈትቼ፣ አሥራ አንድ ኪሎ። ነጋዴው «ምን ዓይነት ጤፍ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። መስቀያውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ ወረቀቴን ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ቡሬ የነቀምት መገንጠያው አካባቢ ያለችውን ሱቅ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ባለሱቋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። ማዳበሪያውን ስፈታ አየችና ሳቀች።

«አንች ነሽ የሃያ ሁለቷ?»

ለጠብ የመጣሁት ሴትዮ፣ ብረቱን ቀስ ብዬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ወንድምሽ እዚህ ቆሞ ሲከራከረኝ ዋለ» አለችኝ። «ሃያ ሁለት የሚባል ልክ የለም አልኩት። ሰባት ተኩል አለ፣ አሥር አለ፣ ሃያ አለ፣ ሠላሳ አለ፣ አርባ አለ። ፋብሪካዎቹ የተስማሙበት ነው። ሃያ ይሆናል፣ ደውለህ ጠይቅ ብለው አሻፈረኝ አለ። እህቴ ልክ አትስትም፤ ከሃያ ይበልጣል ካለች ይበልጣል፤ እንግዲያስ ትልቁን ስጭኝ፣ ትልቅ ከሆነ ታጠብበዋለች አለኝ። አንተ፣ ብረት እንደ ጨርቅ አይጠብም ብለው የሚሰማ ሰው አይደለም።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ያን የጮህኩበትን ሰውዬ፣ ያን በሰው ፊት ቆሞ ስለኔ የተከራከረውን ወንድሜን፣ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኳት። ለእሱ ያልተናገርኩትን ለእሷ ተናገርኩ። ስለ ስፌቱ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ካልተበላሸ እለውጥልሻለሁ አለችኝና ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው።

ሃያ በሃያ የሚይዙ ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ። አንደኛው ግድግዳ ላይ ልጥፍ የሚል ነው፤ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው አንገቱን ወደ ታች ደፋ ያደርጋል። ሦስተኛው ክንድ አለው፤ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ወደ ፈለጉት ያዞሩታል። ልቤ ክንዳሙ ላይ አረፈ። አባቴ አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ነው የሚዞርላቸው፤ ወደሚያዩበት ላዞርላቸው ነው።

«ስንት ኪሎ ነው?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ። በሚዛን።»

«ክንዳሙ እስከ አሥራ አምስት ነው የሚለው። ይሄ አንገቱን የሚደፋው እስከ ሠላሳ።»

«ታዲያ አሥራ አምስቱ ይበቃላ።»

«ለብረቱ ይበቃል። ግድግዳሽ ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው። ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ።»

 «ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ብረቱ የሚችለውን ነው እንጂ ያንች ግድግዳ የሚችለውን አይደለም። ባልዲ ውሃ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ያዥ፤ ከዚያ ደግሞ ክንድሽን ዘርግተሽ ያዥ። እንዲያ ነው። ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር ላይኛውን ብሎን ከግድግዳው ይነቅለዋል። ለመሆኑ ከሥሩ የሚተኛ አለ?»

«አባቴ ናቸው። ግርጌው ጋ ነው የሚሰቀል።»

«ቢወድቅ እግራቸውን መሰብሰብ ይችላሉ?»

«አንዱን ብቻ።»

«እንግዲያስ ክንዱን እርሽው፣ እህቴ» አለችኝ።

አንገት ደፊውን ወሰድኩ። ለጭቃ ግድግዳ ብላ ረጃጅም የእንጨት ብሎኖች ጨመረችልኝ። ለቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሆኑትን አራቱን ስትሰጠኝ ደግሞ «መጀመሪያ በጣትሽ ብቻ እያዞርሽ አስገቢ» አለችኝ። «ብረቱን ሳይጨብጥ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ረዝሟል ማለት ነው። በካቻቢቴ እንዳትታገይው፣ ውስጡን ትወጊዋለሽ። ሮንዴላ፣ ያችን መሃሏ ቀዳዳ የሆነች ክብ ብረት፣ አስገቢበትና እንዲያጥር አድርጊ።» የስፌት መኪናን የምታውቅ ብትሆን ጥሩ ሠራተኛ ይወጣት ነበር።

ወንድሜ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን መስቀያው ወረቀቴ ላይ አራቱም ቀዳዳ ሲገጥም አይቶ «አላልኩም? እታለም ልክ አትስትም» ሲል ተውኩት። በኋላ ነገርኩት፣ ሌላ ቀን። «አውቄያለሁ እኮ» ነው ያለኝ።

ግድግዳውን እሱ ነው የሚያውቀው፤ ቤቱ ሲሠራ እንጨቱን ካቆሙት አንዱ ነው። በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ሄደ። ጭቃው ያለበት ድፍን ይላል፤ ቋሚ እንጨቱ ያለበት ጠንከር ብሎ ይመልሳል። በቀጭን ምስማር ወግቶ አረጋገጠ። ሁለት ቋሚ አገኘ። መስቀያውን ጭቃው ላይ አላሰርነውም፤ ወፍራም ጣውላ ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው አጋድመን በረጃጅሞቹ ብሎኖች ከእንጨቱ ጋር አሰርነው፤ መስቀያውን ጣውላው ላይ። ከዚያ ወንድሜ በሁለት እጁ ጣውላውን ይዞ ተንጠለጠለበት። ጣውላው ንቅንቅ አላለም።

ጣውላውን ከማሰራችን በፊት ግን በከፍታው ተጨቃጭቀን ነበር። እሱ እጣሪያው ሥር ይሁን ነው የሚለው። ቡና ቤት ያየው እንዲያ ነው፤ ቆሞ የሚጠጣውም፣ በር ላይ ያለውም እንዲያየው ተብሎ ከሰው ራስ በላይ ይሰቀላል። «እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ያያል፤ ደግሞ ትልቅ ነገር ከፍ ብሎ ነው የሚያምር» አለኝ።

«እንግዳ አይደለም የታመመው!» አልኩት። «የሚያየው ሰው ዓይኑ ያለበት ነው የሚለካው።»

አባቴን ወደ ሌላ ፍራሽ አዛውረን አልጋቸው ላይ ራሴ ተኛሁ። አንድ ትራስ፣ እንደሳቸው ጠፍጣፋ። ወንድሜ ቴሌቪዥኑ የሚያክል ካርቶን ይዞ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እላይ ሲያደርገው ግንባሬ ይጨማደዳል፤ አገጬ ይሰቀላል። በጣም ዝቅ ሲል የራሴ እግርና ብርድ ልብሱ ይጋርደኛል። አንገቴ ሳይንቀሳቀስ ዓይኔ ዝም ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ «እዚያ!» አልኩት። የካርቶኑ መካከል ከመሬት አንድ ሜትር ከሃምሳ ሆነ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ምንም አልጨመርኩም። የመስቀያውን አንገት ትንሽ ደፋ አደረግነው፤ ለተኛ ሰው ዓይን ቀጥ ብሎ እንዲታይ። ስንጨርስ እንኳን ለአባቴ፣ ለኔም ያማረኝ ነገር ሆነ። ወንድሜ ራሱ ተኝቶ አየና «አይ፣ ልክ ነሽ» አለ።

አባቴም ዓይናቸው ከግድግዳው ተመለሰ። መጀመሪያ በቆረጣ፣ ከዚያ ፊት ለፊት። በሬ አዩ፣ የስንዴ ማሳ አዩ፣ ሰባኪ አዩ። እናቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እኔም አንገቴን አቀናሁ፤ ምነው አላቀና፣ ሥራዬ ሠመረ። ትን ማለቱ ግን አልቀረም። ተኝተው ነዋ የሚያዩት! ነርሱ መጣና አየ። ቴሌቪዥኑን አደነቀ፤ ሳንባቸውን አዳመጠ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ቀና አይሉም?» አለኝ። «አይሉም» አልኩት። ውጭ ስሸኘው «አሁን ተመቻቸው እኮ» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

አራተኛ ወይ አምስተኛ ቀኑ ላይ ይመስለኛል። ወንድሜ ዶማ ሊገዛ መጥቶ እኔ ቤት ምሳ በልቷል። አባቴ ቴሌቪዥኑን ማየት ትተው ጣሪያውን ያያሉ። ደግሞ ወደ ጎናቸው ያያሉ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አነሱና ቴሌቪዥኑን አመለከቱ።

«አውርዱት» አሉ።

ቃሉ እንደ ድሮው ባይጠራም ጥርጥር አልነበረውም። ከ«ተዉኝ» ሌላ ከአፋቸው ቃል ሲወጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እኔ ግን ምን ያደርገኛል፣ ዐመሌ ነው፣ ተከራከርኳቸው።

«አባባ፣ ልኩ እኮ ነው። ራሴ ተኝቼ ለክቸዋለሁ። ለተኛ ሰው እዚያ ነው የሚመች። ካወረድነው እግርዎና ብርድ ልብሱ ይጋርድዎታል።»

«አውርዱት» አሉ እንደገና።

«ለርስዎ አይታይም ስልዎ!»

እጃቸው ከቴሌቪዥኑ ተነሳና ወደ ጎናቸው ዞረ። እናቴ ወዳለችበት።

«እሷ…» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። ከንፈራቸው አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎ ታገላቸው። «እሷ አይታያትም።»

ዞሬ እናቴን አየኋት። ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ማንኪያው እጇ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን ለማየት አገጯን ልታነሳ ትሞክራለች፤ አንገቷ እምቢ ይላታል። ያን ሁሉ ዘመን እንስራና እንጨት ያጎበጠው ጀርባ ቀና አይልላትም። አንድ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ትደግፈዋለች። ከዚያ ይደክማትና ዓይኗን መሬት ላይ ታሳርፋለች። ድምፁን ብቻ ነበር ስትሰማ የከረመችው። ደስ አለኝ ያለችን ደስ እንዲለን ነው።

የእናቴን ቀሚስ በየዓመቱ የምሰፋላት እኔ ነኝ። ጎብጣለችና ጀርባውን ከፊቱ አስረዝሜ ነው የምቆርጥላት፤ አለዚያ ከኋላ ይነሳባታል። መጉበጧን መቀሴ ከስንት ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል። ዓይኔ ግን አላየውም ነበር። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝ ሰውዬ ከአልጋቸው ሆነው አይተውት፣ እኔ አጠገቧ እየተመላለስኩ አላየሁትም። 

«እሽ፣ ለእማዬ እናውርደው» አልኩ። «እርስዎስ ታዲያ? እርስዎ እንዴት ሊያዩ ነው?»

አባቴ በደኅናው እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

«ቀና አርጉኝ» አሉ።

  እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ጣውላውን ፈታነው። ቋሚዎቹ እስከ መሬት የሚወርዱ ናቸውና ቦታ ፍለጋ አልተቸገርንም፤ እነዚያው እንጨቶች ላይ ዝቅ አድርገን አሰርነው። በዚህ ጊዜ ልኩን የወሰድኩት ተኝቼ አይደለም። እናቴን ዱካዋ ላይ አስቀምጬ፣ እንደምትቀመጠው ሳትጨነቅ ቁጭ በይ ብዬ፣ ከመሬት እስከ ዓይኗ ለካሁ። ከሜትር ብዙም አይበልጥም። የቴሌቪዥኑን መካከል እዚያው አካባቢ አደረግሁት፤ የታችኛው ጠርዙ ከአልጋው ግርጌ ብረት ትንሽ ከፍ እንዲል ብቻ አድርጌ። የመስቀያውን አንገት ከደፋንበት መልሰን አቀናነው። ከዚህ ወዲያ ተኝቶ የሚያየው የለም።

ከዚያ ወደ አባቴ ሄድን። ወንድሜ በጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ከኋላቸው ደገፈ፤ ሁለት ትራስ ጨመርን፤ በብብታቸው ይዘን ከፍ አደረግናቸው። ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ። ሲንሸራተቱ ልንይዝ እጃችንን ዘርግተን ቆመን ነበር። አልተንሸራተቱም። በደኅናው እግራቸው አልጋውን ረግጠው ራሳቸውን ወደ ላይ ገፉ። ነርሱ «አሁን ተመቻቸው እኮ» ያለኝ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። እንዲመቻቸው ብዬ ለክቼ የሰቀልኩት ነገር፣ እንዲተኙ ነበር የለካሁላቸው። ሁለት ጊዜ ለክቼ፣ ምንም ሳልጨምር፣ አንዲት ሴንቲ ሳልስት!

የበሉት ያን ማታ ቁጭ ብለው ነው። ትን አላላቸውም። እናቴ ታጎርሳቸዋለች፤ በመካከሉ ቀጥ ብላ ፊት ለፊቷ ያለውን ቴሌቪዥን ታያለች። እጇ ማጅራቷ ላይ አልነበረም። አባቴ ቴሌቪዥኑን ብዙም አላዩትም፤ እሷን ነው ሲያዩ የቆዩት። በሕይወቴ ሙሉ አባቴ እናቴን ሲያዟት ሰምቻለሁ፤ ሲቆጧት ሰምቻለሁ፤ አንዳንዴም ሲያመሰግኗት። ጥያቄ ሲጠይቋት ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ይታይሻል?» አሏት።

እናቴ ማንኪያውን አየር ላይ እንዳለ ያዘችው።

«ይታየኛል» አለች። «አንቱም ቀና ብለዋል።»